ከኩሽና የወጣ ሰርፍ

ዘምዘም ሙሀሲን ከሪያድ ስትመለስ ይዛ የመጣችው ሁለት ሻንጣ፣ አንድ የተሰነጠቀ ስልክና በአሥራ አንድ ዓመት የለቃቀመችውን አረብኛ ነበር። ሻንጣውን ዘመድ ተከፋፈለው፤ ስልኩ ጠጋኝ አጣ። አረብኛውን ግን የፈለገው ሰው አልነበረምና እሷው ዘንድ ቀረ።

ሸዋ ሮቢት ከዐረብ አገር ለተመለሰች ሴት የሚሆን ሥራ አያጣም፤ ሽንኩርት አለ። ዘምዘምም ከመስኖው ማሳ አጠገብ ባለው ዳስ ተቀምጣ ትልቁን ከትንሹ፣ ጤነኛውን ከበሰበሰው ስትለይ ትውላለች። የዐሥር ሶላት ከተሰገደ በኋላ እጇን በሎሚ አሽታ፣ ደብተሯን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ መስጊዱ ጓሮ ትሄዳለች። እዚያ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሙዐሊማ መይረም ለሴቶች ሰርፍ ያስተምራሉ። ሰርፍ ማለት የአረብኛ ግሥ እርባታ ነው፤ አንዱ ቃል ከሌላው እንዴት እንደሚወለድ የሚያሳይ ትምህርት። እሱን ያላወቀ ሰው ኪታብ ቢከፍት የሚያየው ቀለም ብቻ ነው።

የመስጊዱ የቂርአት፣ ማለት የቁርአን ንባብ፣ አስተማሪ ኡስታዝ ሀሩን ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁ መረዋ፣ ልቡም የዋህ ነው። ሆኖም ሰርፍ የሚያዘው በዜማ ብቻ ነው ብሎ ያምናል። እሱ ራሱ የተማረው እንደዚያ ነዋ። ግሡ ከራሱ ይጀመራል፤ ያለፈው፣ የሚመጣው፣ ስሙ ይወርዳል፤ ከዚያ «ፈሁወ» ተብሎ አድራጊው፣ በስተመጨረሻ «ፈዛከ» ተብሎ የተደረገበት ይጠራል። ፈሁወ «እሱ ነው»፣ ፈዛከ ደግሞ «ያኛው ነው» እንደማለት ነው። አንድ ቀን ዘምዘምን አስነሥቶ አንዱን መስመር በዜማ እንድታወርድ ጠየቃት። ሁለተኛው ቃል ላይ ቆመች። ሴቶቹ በሻርፓቸው ውስጥ ሳቁ።

«እህቴ፣ ያንቺ የኩሽና አረብኛ ነው» አላት በደግ አንደበት። «ለገበያ ይበቃል፤ ለኪታብ ግን አይሆንም።»

ደግ አንደበት የተናገረው ስድብ ደግሞ ከክፉው ይብሳል፤ መልስ አይሰጡትምና። ያን ቀን ዘምዘም ቤቷ ገብታ እራት አልበላችም።

ሳይደግስ አይጣላ እንዲሉ፣ በሳምንቱ ሙዐሊማ መይረም አንድ ቀላል ነገር አስተማሩ። ግሡ ሦስት ፊደል ብቻ ሲሆን አድራጊውና ተደራጊው የየራሳቸው ቅርጽ አላቸው። ፊደል ተጨምሮበት ከተራባ ግን ለሁሉም አንድ ሕግ ነው፤ ፊት ላይ «ሙ» ይመጣል፤ ከመጨረሻው ፊደል በፊት ያለው በከስራ፣ ማለት በ«ኢ» ከተነበበ ፈሁወ ነው፣ በፈትሃ፣ ማለት በ«አ» ድምፅ ከተነበበ ፈዛከ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ጻፉት። ዘምዘም ግን እስክሪብቶዋን ይዛ ደርቃ ቀረች።

በራሷ ውስጥ አንድ ሙሉ ቤት ተከፍቶ ነበርና። ሙነዚፍ! ወለል የምታጥብበት ፈሳሽ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው፤ «ዚ» ነው፣ የሚያጸዳው። ደጃጅ ሙጀመድ፣ የበረደው ዶሮ፤ «መ» ነው፣ እንዲበርድ የተደረገው። ሙስተውረድ፣ እመቤቷ የምትኮራበት ከውጭ የመጣ ጨርቅ። ሙስተዕመል፣ ለእሷ የሚሰጣት ያገለገለ ልብስ። ሙሽሪፍ፣ የሕንፃው ተቆጣጣሪ። ሙወዘፍ፣ የመሥሪያ ቤቱ ተቀጣሪ። አሥራ አንድ ዓመት አንዱ የዕቃ፣ አንዱ የሰው መጠሪያ፣ አንዱም የዶሮ ቅጽል ሆኖ ሲያገለግላት የኖረ ቃል ሁሉ ተራ በተራ ቆመላት። ከደስታዋ የተነሣ አለቀሰች፤ ሙዐሊማ መይረም የታመመች መስሏቸው ውሃ አስመጡላት።

ከዚያ ወዲያ ደብተሯን ለሁለት ከፈለችው። በቀኝ ፈሁወ፣ በግራ ፈዛከ። ሽንኩርት እየለየች በልቧ ቃል ትለያለች። አጠገቧ የምትሠራው ጽጌ፣ የቀወት ገበሬ ልጅ፣ መስቀሏን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ጠያቂዋ ሆነች። ሕጉን ስታስረዳት ጽጌ ብዙም አልተደነቀችም። ቀጣሪና ተቀጣሪ ማለት አይደለም ወይ አለች፤ እኛ «ተ» እንጨምራለን፣ እናንተ ደግሞ «ኢ»ውን በ«አ» ትለውጣላችሁ፣ በቃ። በቃ ነበር። አንድ ቀን ግን የግራው ዓምድ አናት ላይ የተጻፈው የመጀመሪያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀቻት። ዘምዘም ሌላ ቃል አነሣችና ጥያቄውን አለፈችው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሙዐሊማ መይረም ከባላቸው ጋር ደሴ ሊገቡ ነው ተባለ። የመስጊዱ ሽማግሌዎች መከሩ፤ አስተማሪ ከሌለ ክፍሉ ይዘጋና ቁርአን በቃላቸው ለሚያጠኑት ወንዶች፣ ለሒፍዝ ይሰጥ አሉ። ሴቶቹም እቤታቸው ያንብቡ። ዘምዘም የሰማች ዕለት አንድ ከረጢት ሽንኩርት ሙሉ ሳትለይ አሳለፈች። ኪታብ ራሷ ከፍታ ማንበብ ልትጀምር አንድ ሐሙስ ነበር የቀራት፤ አሁን በሩ ሊዘጋ ነው። ሙዐሊማ መይረም ግን ሳይሄዱ አንድ ነገር አስወሰኑ፤ ከአሊዩ አምባ በኩል ሼኽ አብዱረሂም ይምጡና ከሴቶቹ አንዷ እንኳ ለማስተማር ትበቃ እንደሆነ ይፈትኑ።

ሼኹ ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ መጡ። ሰማንያን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹ በአንድ ወገን፣ ኡስታዝ ሀሩን በበሩ አጠገብ፣ ሴቶቹ በሌላው ወገን ተቀመጡ። ለመፈተን የደፈሩት ሦስት ነበሩ፤ ዘምዘም የመጨረሻዋ ናት።

ሼኹ ዜማ አላሉም። ከኪታቡ መሀል አንድ ቃል አነበቡ፤ «ሙስተቅበል።» ከየት መጣች ብለው ጠየቁ።

የመጀመሪያዋ ሴት ድምፅዋን አሳምራ ከመጀመሪያው ግሥ ተነሣች። ሼኹ እጃቸውን አነሡና ከራስ ሳይሆን ከዚህ ጀምሪልኝ አሏት። አልቻለችም። ሁለተኛዋም እንደዚያው ሆነች። በዜማ የያዘ ሰው ችግሩ ይህ ነው፤ ከመሀል መግባት አይችልም፤ ቃሏ ጋ የሚደርሰው መስመሩን ሁሉ ሮጦ ነው፣ ያውም የትኛው መስመር እንደሆነ ከተነገረው። እውነቱን ለመናገር የኡስታዝ ሀሩን ከንፈርም በበሩ ጥግ ሆኖ ከላይ ወደ ታች ይሮጥ ነበር፤ ገና አልደረሰም።

ዘምዘም ተነሣች። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ጀመረች።

«ሥሯ ቀ፣ በ፣ ለ ነው። ፊቷ ላይ ያለው ‹ሙስተ› ኢስተቅበለ ከሚለው መምጣቷን ይነግረኛል፤ ወጥቶ ተቀበለ ማለት ነው። ከመጨረሻው በፊት ያለችው ‹በ› ፈትሃ ናት፤ ስለዚህ ፈዛከ ነች፣ ሰው ወጥቶ የሚቀበለው ነገር። ‹ቢ› ብትሆን ኖሮ ተቀባዩ ነበር። ቅጽልም ትሆናለች፤ ስም ስትሆን ግን ገና የሚመጣውን ዘመን ትጠራለች።»

ሼኹ ፊታቸውን አልለወጡም፤ ሌላ ቃል ወረወሩ። ሙንከሲር፣ የተሰበረ። ፈሁወ ናት፣ አለች ዘምዘም። እንግዲያው ፈዛከዋን አምጪ አሏት። ወጥመድ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ፈጥነው በሹክሹክታ «ሙንከሰር» አሉ፤ የዜማው ሕግ ያንን ያወጣልና። ዘምዘም ግን ፈገግ አለች።

«ሼኽ፣ ይህቺ የላትም» አለች። «እኔ በሰው ቤት ብርጭቆ ሲወድቅብኝ ‹ኢንከሰረ› እል ነበር፤ በራሱ ተሰበረ ለማለት። እኔ ሰበርሁት እንዳይሆን። ተግባሩ እዚያው ብርጭቆው ላይ ያልቃል፤ ወደ ሌላ አይሻገርም። ያልተሻገረ ነገር ደግሞ ተደራጊ የለውም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሼኹም ሳቁ፤ ጥርሳቸው ሲታይ የዚያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በዝግታ ይህን ማን እንዳስተማራት ጠየቋት። ዘምዘም ደብተሯን ከፍታ አቀረበች። ሼኹ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን ዓምዶች ከላይ እስከ ታች አነበቡና ጣታቸውን የግራው አናት ላይ አቆሙ። ጽጌ የጠየቀችውና ያልተመለሰላት ቃል ነበር።

«ሙስተቅደማ» አለች ዘምዘም። «የሪያድ ወረቀቴ ላይ የተጻፈው ይህ ነው፤ ለሥራ አስመጥተው ያስገቧት ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት መጠሪያዬ ነበር። ‹ደ› መሆኗን ያወቅሁት ግን እዚህ ክፍል ውስጥ ነው።»

ሼኹ ደብተሩን መለሱላት። ከዚያ ወደ ኡስታዝ ሀሩን ዞረው፣ ዜማው እንደማይናቅ፣ እሳቸውም በዜማ እንደተማሩ፣ ነገር ግን ዜማ ወደ ቤቱ የሚያደርስ መንገድ እንጂ ቤቱ እንዳልሆነ ተናገሩ። ይህች ሴት ቤቱ ውስጥ ኖራ ነው የመጣችው አሉ። ወረቀት አስመጥተው በሚያምር እጃቸው ጻፉና ለእሱ ሰጡት፤ ከፍ አድርጎ እንዲያነበው።

ኡስታዝ ሀሩን ጉሮሮውን ጠረገ። «ዘምዘም ቢንት ሙሀሲን፣ ሙዐሊማ» ብሎ አነበበ። አንብቦም አልተቀመጠም። የኩሽና አረብኛ ያለውን በሰው ፊት እንዳለው በሰው ፊት አነሣው፤ አውፍ በይኝ አላት። እሷም ይቅር አለችው። ሴቶቹ ግን እልል አሉ፤ መስጊድ መሆኑን ያስታወሰች አንዲትም አልነበረችም፤ ሽማግሌዎቹም እንዳልሰሙ ሆኑ።

ሐሙስ ዕለት ክፍሉ ሞላ። ኡስታዝ ሀሩን ሚስቱን ልኳል፤ ደብተር አስይዞ። ዘምዘም ሰሌዳውን ለሁለት ከፈለችና ዜማ ሳይሆን ቃል አምጡልኝ አለች፤ ከሱቅ፣ ከመድኃኒት ዕቃ፣ ከልጆቻችሁ ስም። ሙሀሲን የሚለውን የገዛ አባቷን ስም አስቀድማ በቀኝ ጻፈችው፤ በጎ አድራጊ። ቃሉ ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ጀመር። ከኋላ፣ ከቤይሩት በቅርብ የተመለሰች አንዲት ልጅ እጇን አነሣች።

«እኛስ?» አለች። «አንቺ ሙዐሊማ ነሽ፣ አስተማሪ፤ በቀኝ ነሽ። የምንማረው እኛ በግራ ነን ማለት ነው?»

ዘምዘም ጠመኔውን አነሣችና በቀኙ ዓምድ፣ ከአባቷ ስም ሥር፣ «ሙተዐሊማ» ብላ ጻፈች። ተማሪ ማለት ነው። ከመጨረሻው ፊደል በፊት ያለችው ላይ ጣቷን አድርጋ ልጅቷ ራሷ እስክታነባት ጠበቀች።

«ሊ» አለች ልጅቷ። ተነሥታም ወደ ፊተኛው ረድፍ መጣች።