በአማቱ ግድግዳ ላይ የገባው መስኮት

በሰፈሩ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ውሃ ልክ» ይለዋል። አሉሚኒየም በርና መስኮት ገጣጣሚ ነው። ሻይ ቤት ገብቶ ጠረጴዛው ከተነቃነቀበት ወረቀት አጣጥፎ ከእግሩ ሥር ሳይሸጉጥ አይቀመጥም። ሚስቱ፣ «እኔንም ያገባኝ ትከሻዬ እኩል መሆኑን አይቶ ነው» እያለች ትስቅበታለች። እሱም አይክድም።

እንዲህ ያለ ሰው ሳይለካ መስኮት ሠራ ቢባል ማን ያምናል? ግን ሠራ። የሠራውም ለአማቱ ነው።

አማቱ በጉብዝናቸው ዘመን የታወቁ ግንበኛ ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ዓይናቸው እየከዳቸው መጥቶ፣ አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ የሰው ፊት አይለዩም። ልጃቸውና ባሏ አብረዋቸው የሚኖሩት እሳቸው በገዛ እጃቸው በገነቡት ቤት ነው። የመኝታ ክፍላቸው የእንጨት መስኮት ግን በስብሶ ነፋሱን እንደ ወንፊት ያሳልፈው ጀመር። ሽማግሌውን ሳል ያዛቸው። ልጃቸው አንድ ቀን ለባሏ፣ «የሰው ቤት ስታሳምር ትውላለህ፤ አባቴ ግን በመስኮት በኩል እየሞተብኝ ነው» አለችው።

በማግስቱ ሜትሩን ይዞ ገባ። ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የሜትሩን ጥርቅታ ሰሙ።

«ምንድን ነው?»

«የመስኮቱን ልክ ልወስድ ነው፣ አባባ።»

«ልኩንማ እኔ ልንገርህ። ወርዱም ቁመቱም አንድ ሜትር ከሃያ። አራቱም ማዕዘን ቀጥ ያለ ነው። እኔ የገነባሁትን ምኑን ትለካዋለህ?»

ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ ግን ከዚያ ድምፅ ሥር አንድ የቀረች የሙያ ኩራት ነበረች፤ ዓይንም፣ ጉልበትም፣ ሚስትም ሄደው የቀረች። ውሃ ልክ ሜትሩን ወደ ኪሱ መለሰው። «እንግዲያው ይበቃኛል» አለ። ከተባለው ልክ ላይ በየጎኑ ግማሽ ሣንቲም ብቻ ቀንሶ ፍሬሙን ቆርጦ ገጠመው።

የመግጠሚያው ቀን ጎረቤቱን እንጨት ሠሪውን ጠርቶ አሮጌውን መስኮት ነቀሉት። ፍሬሙን አንስተው ወደ ክፍቱ ሲያስጠጉት ከታች ገባ፤ ከላይ ግን ከቀኝ በኩል ግድግዳው ያዘው። ትንሽ አዘንብለው ሞከሩ፤ አልሆነም። ውሃ ልክ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን ለማየት ክሩን አንጠልጥሎ ቱምቢ ጣለ። የቀኙ ግድግዳ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ወደ ክፍቱ ያዘነብላል። እንጨት ሠሪው አፉን ሊከፍት ሲል ውሃ ልክ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ገባ?» አሉ ሽማግሌው ከወንበራቸው።

«አልገባም፣ አባባ። እኔ ነኝ አስፍቼ የቆረጥኩት። ቁጥር ተምታቶብኝ ነው።»

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ባሏ ቁጥር እንደማይምታታበት ታውቃለች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ሽማግሌው ግን ተነሡ። ግድግዳውን እየዳበሱ መጡና መዳፋቸውን በቀኙ ጠርዝ ላይ ከታች ወደ ላይ ቀስ አድርገው ወሰዱት። ከዚያ በስንዝር ከላይ ለኩ፤ ከታችም ለኩ። እንደገናም ለኩ። እንጨት ሠሪው ሰበብ ፈልጎ ወጣ።

«አንተ ውሸት አትችልበትም» አሉ በመጨረሻ። «ያጋደለው የኔ ግድግዳ ነው።»

«ትንሽ ነው፣ አባባ። ቤት ሲያረጅ ይሰምጣል።»

«ቤቱማ ስንጥቅ የለውም። እኔ ነኝ ያጣመምኩት።» ተመልሰው ተቀመጡ። «መሮና መዶሻ አምጣልኝ። የቀኙን ጫፍ እኔው እጠርበዋለሁ።»

ውሃ ልክ አጠገባቸው ቁጢጥ አለና እጃቸውን ያዘ። «አባባ፣ ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ መሆኑን ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ጠርዙን ከመታነው ይፈረካከሳል፤ ከዚያ ፍሬሙን የማስርበት ጠንካራ ቦታ አጣለሁ። ግድግዳው ይቆይ። የሚያንሰው ፍሬሙ ነው።»

«ፍሬሙ ካነሰ ከታች ገደል ሊሆን ነዋ!»

«ገደል አይደለም። ይምጡና አብረን እንለካ።»

እና ያኔ ለኩ። አማትየው የሜትሩን ጫፍ ይይዛሉ፣ ውሃ ልክ ያነባል። ወርዱን ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፤ ቁመቱን በግራ፣ በመሃል፣ በቀኝ፤ ከዚያም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ። ልኩ የሚወሰደው ከጠባቡ ነው። ሽማግሌው ቁጥሩን ሁሉ በቃላቸው ያዙት፤ ልጃቸው ምሳ ይዛ ስትገባ እንደ ጸሎት እየደገሙት አገኘቻቸው።

ያን ሌሊት ክፍቱ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ሽማግሌው ሳሎን ተኙ። ውሃ ልክ ፍሬሙን ፈትቶ፣ አጥብቦ ገጠመው። በጀርባውም ከግድግዳው ጋር የሚታሰርባቸውን ስስ የብረት ጆሮዎች ገጠመበት።

ፍሬሙ ሲመለስ ያለ ትግል ገባ። ውሃ ልክ ከሁለቱ ቋሚዎች ሥር ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ቁራጮች አስቀምጦ አሳረፈው፤ ውሃ ልኩን ከላዩ ጋደም አድርጎ፣ አረፋዋ መሃል እስክትቆም አንዱን ጨመረ፣ አንዱን ቀነሰ። በጎንም በየጆሮው አጠገብ ቁራጭ ሸጎጠ፤ ካልተሸጎጠ ብሎኑ ሲጠብቅ ፍሬሙን ወደ ግድግዳው ጎትቶ ያጎብጠዋል። ሽማግሌው ጣታቸውን በቀኙ ክፍተት አስገቡ። ከላይ ትንሿ ጣት ብቻ ነበር የምትገባው፤ ከታች አውራ ጣታቸው ገብቶ ዞረ።

«እዚህ ስንት ቁራጭ ደረደርክ?»

«አራት። ከላይ አንድ።»

«ይህን ግድግዳ ስገነባ ልጅቷ ልትወለድ የደረሰችበት ሰሞን ነበር» አሉ። «አንድ ጆሮዬ ሁልጊዜ እናቷ ዘንድ ነበር።» ልጃቸው ሰምታ ሳቀች፤ «በኔ አላከኩት» አለች።

ውሃ ልክ ጆሮዎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ከግድግዳው ላይ አስደገፋቸው፤ ብሎኬቱ እንዳይፈረካከስ በድሪሉ ሳይደበድብ ቀስ ብሎ እየበሳ፣ ብሎን የሚይዘውን የፕላስቲክ ፊሸር እየከተተ በብሎን አሰራቸው። እንደገና በሰያፍ ለካ፤ ሁለቱ እኩል ሆኑ። መስኮቱ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ምንም አልነካም። ከውስጥ ክፍተቱን በፎም ሞላው። ከውጭ አቧራውን ጠርጎ የስፖንጅ ገመድ ሸጎጠበትና ሲሊኮን አዞረበት። ፍሬሙ ግርጌ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን ክፍት ተዋቸው። ቀኝ ጎን ላይ ሲደርስ ቆመና ሲሊኮኑ ጣት ላይ እንዳይጣበቅ ሳሙና የተበጠበጠበትን ጣሳ ለአማቱ አቀበላቸው።

«ይቺን እርስዎ ያስተካክሉልኝ፣ አባባ።»

«በዚህ ዓይን?»

«ዓይን አልጠየቅኩዎትም።»

ሽማግሌው ጣታቸውን ነከሩና ከላይ እስከ ታች ሳያነሱ ጎተቱት። ክፍተቱ ሲሰፋ ጣታቸውን ትንሽ አጋደሉት፤ ሲሊኮኑ ከግድግዳውም ከፍሬሙም ተጣብቆ ለስልሶ ቀረ። ውሃ ልክ የራሱን ጎን አይቶ የሳቸውን አየ፤ እንደገና ነካክቶ የራሱን አስተካከለ።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌውን ሳሉ ተዋቸው። ዝናብ በመጣ ቁጥር እጃቸውን በፍሬሙ ዙሪያ እያሳለፉ ይፈትሹታል፤ ደረቅ ነው። ሥራ ቅርብ ሰፈር ሲሆንም ውሃ ልክ ይዟቸው ይሄዳል። ደንበኞች መጀመሪያ ይገረማሉ፤ ኋላ ወንበር ያቀርቡላቸዋል። እሳቸውም ተቀምጠው፣ በጣታቸው የሚያለሰልሱት ሲሊኮን ተራው እስኪደርስ፣ የቤቱን ግድግዳ በመዳፋቸው እየዳበሱ ግንበኛው ማን እንደነበር ይጠይቃሉ።