አንድ ቀለም ይተርፋል

እህቴ ስለ እኔ ዘፈን ጽፋ መጣች። ታናሼ ናት፤ ባሕር ዳር ከአንድ ባንድ ጋር ትዘፍናለች። ልትጠይቀን ደብረ ማርቆስ ስትመጣ ግጥሙን ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቴ ዘረጋችው። ዜማው አልቋል፣ ቀረጻው ለቅዳሜ ተይዟል።

«የአማርኛ አስተማሪ አይደለሽ? በይ እርሚልኝ» አለች።

ሰው ስለ ራሱ የተጻፈ ውዳሴ እንዴት ያርማል? እኔ ግን ቀይ እስኪርቢቶ ከያዝኩ ዘመድ አላውቅም። ግጥሙ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦

አንቺ ደጓ እህቴ ልብሽ የሚራራ፣
ሐዘንሽን ችለሽ ፍቅርሽ የሚያበራ።

«ይኼ ለማንም እህት ይዘፈናል» አልኳት። «ደጓ» የሚለው ላይ አሰመርኩ። «ደግ መሆኗን ነገርሽኝ እንጂ አላሳየሽኝም። ምን ስታደርግ አየሻት?» ከ«ሐዘንሽን ችለሽ» ጎን ደግሞ «የቱን ሐዘን? የት ቁጭ ብላ? እጇ ላይ ምን ይዛ?» ብዬ ጻፍኩ። «ፍቅርሽ የሚያበራ»ን ያለ ርኅራኄ ሰረዝኩት። አዝማቹ ውስጥ ያለችውን «ናፈቅሽኝ» ብቻ ተውኳት፤ ስንኞቹ ካሳዩን በኋላ ስሜቱን አንዴ በስሙ ብትጠራው አይከፋም።

እህቴ ትንሽ አኮረፈችና ወረቀቱን ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች ታጉረመርማለች። ዜማው ስድስት በስድስት ቀለም፣ በየግማሽ ስንኙ ስድስት የድምፅ ምት፣ ስለሚፈልግ ያወጣችውን ሁሉ በዚያው ልክ መተካት አለባት።

ከሳሎኑ ቀጥሎ ያለው ክፍል የአባታችን ነው። የሚለየን ስስ የኮምፖርሳቶ ግድግዳ ነው። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ከዚያ አልጋ ያለ እኔ አይወርዱም። ያኔ ወደ ባሕር ዳር ዝውውሬ ተፈቅዶልኝ፣ ሻንጣዬን በገመድ አስሬ ነበር። ራሴ አሰረዝኩትና ለአባባ መሥሪያ ቤቱ ሰረዘው አልኳቸው። ባላሰርዘው ኖሮ ማን ያነሳቸው ነበር? ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ ከትምህርት ቤቱ እስከዚያ አልጋ ነው። አንዳንድ ቀን ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እህቴ ተነስታ መጣችና አዲሶቹን ስንኞች በዜማው አንጎራጎረችልኝ።

ምሳሽን ቆመሽ ነው ሁሌም የምትበዪው፣
ሻንጣሽ ከአልጋው በታች እንደታሰረ ነው።

እስኪርቢቶው እጄ ላይ ቀረ። ቆሜ እንደምበላ ራሴም ልብ ብዬ አላውቅም። አባባ ከጠሩኝ ለመሮጥ ነው፣ በር በሩን እያየሁ።

«ሻንጣውን መቼ አየሽው?» አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ትናንት አልጋሽ ሥር ጫማዬን ስፈልግ። አሳዪኝ አላልሽም?»

ብያለሁ። እንዲህ ያለ ስንኝ ተማሪዎቼ ቢያመጡልኝ በደስታ ለክፍሉ ሁሉ አነብላቸው ነበር። አሁን ግን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘፈኑ ወጥቶ አባባ ቢሰሙትስ? ሻንጣው እስካሁን አለመፈታቱን ሰምተው፣ በእሳቸው ምክንያት እንደቀረሁ ካወቁ እህል የሚቀምሱ አይመስለኝም።

«ሁለተኛዋ አትሆንም። መጨረሻዋ ላይ አንድ ቀለም ይተርፋል። አውጫት» አልኳት።

በሥራዬ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። እህቴ ግንባሯን ቋጥራ በጣቷ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች፣ ድምፅዋንም ከፍ አድርጋ ዘፈነችው። «የቱ ጋ ነው የሚተርፈው?» አለች።

«ይተርፋል አልኩሽ።»

«ስንኟን አታውጧት» የሚል ድምፅ ከግድግዳው ማዶ መጣ።

አባባ ናቸው። አባታችን ልጅነታቸውን በቅኔ ቤት ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ እግራቸው እንጂ ጆሯቸው አልደከመም።

«ስድስት በስድስት ናት። ልኳ ሙሉ ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው።

እህቴ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ስንኟን ለምን አውጫት እንዳልኳት የገባት ያኔ ይመስለኛል፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ ተነስቼ ገባሁ። ሌላ የምሄድበት የለኝም። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ በደህናው እጃቸው የጋቢውን ጫፍ ያሻሉ። ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው። ስለ ዝውውሩ እስኪጠይቁኝ ጠበቅሁ፤ ውሸት እንኳን አላዘጋጀሁም።

«ምሳ በላሽ?» አሉኝ።

«በላሁ፣ አባባ።»

የጋቢውን ጫፍ ለቀቁት። ከዚያ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ «ተቀምጠሽ?» አሉኝ።