የጎደለው አራት ሺህ ሊሬ

ሸዋ ሮቢት የወረድኩት በጣሊያን ጊዜ ነው። አዲስ አበባ የሒሳብ መዝገብ ያስተማረኝ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ እኔም እንጀራ ፍለጋ ወጣሁ። አንድ የይፋት ሐጂ በአዲሱ የመኪና መንገድ ዳር ሱቅ ከፍተው ጸሐፊ ይፈልጉ ነበርና ቀጠሩኝ። ወይ ያ ሙቀት! ከሙቀቱ የባሰው ግን ብቸኝነቱ ነበር። ሰፈሩ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ በግ ሲታረድ ሁሉም አንድ ትሪ ሲከብ እኔ ጓዳዬ ገብቼ ሽሮዬን እበላለሁ። ማንም አልከፋብኝም። ብቻ የኔ የሚባል ሰው አልነበረኝም።

ሰው ያደረገችኝ የሐጂ ሟች ወንድም ሚስት ነበረች። ባንኮኒው ላይ ቆማ የምትሸጠው እሷ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ መተዳደሪያዋ ያ ሱቅ ብቻ ነበር። እትዬ እላታለሁ። ጠዋት ጠዋት ወተት ታመጣልኝና "ጠጣ እንጂ አንተ! ወተት ሃይማኖት የለው" ትለኛለች። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ጾሜን ከኔ በላይ ታስታውሳለች፣ የምታመጣልኝም የሽምብራ ቆሎ ነበር።

ሱቁ ሁለት ዓመት እንደሞላው የደሴው ጅምላ ነጋዴ ተጨማሪ ዕቃ በዱቤ ለመስጠት የሁለቱን ዓመት ሒሳብ አሳዩኝ አለ። አዘጋጀሁ። ያኔ ደግሞ ትዕቢቴ! ቁጥር የማውቅ እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ውጤቱ ግን ደስ አይልም። በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ ሊሬ ሽያጭ የዕቃው መግዣ ሲነሳ ሃያ አምስት ይተርፍ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት አሥራ አምስት ብቻ። ጥሬ ገንዘቡ፣ ዕቃውና ከደንበኞች የሚሰበሰበው ተደምሮ፣ መጀመሪያ በቅርብ ለሚከፈል አንድ ሊሬ ዕዳ ሁለት ሊሬ መክፈያ ነበረን። አሁን አንድ ሊሬ ከሩብ ሆኗል።

ሐጂ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ "ሽያጩ ሁለቱንም ዓመት አርባ ሺህ ነው። መግዣው አልጨመረ፣ እኛም ዋጋ አልቀነስን። ከመቶው አሥር ጎደለ ማለት አራት ሺህ ሊሬ ነው። በየት ወጣ?" አሉ።

"እኔ እንጃ ሐጂ። ቁጥሩ የሚለው ይኸን ነው" አልኳቸው።

ባንኮኒው ላይ ከሷ በቀር የሚሸጥ ሰው አልነበረም። ሐጂ ስሟን አልጠሩም፤ ግን ዓይናቸው ወደ ሱቁ ሲዞር እያየሁ አፌን ዘጋሁ። በሳምንቱ ማጀቴ ከተማ ወዳሉት ዘመዶቿ ሸኟት። ወሬው ከሷ ቀድሞ ማጀቴ ገባ፤ ሌባ ተባለች።

ከዚያ ወዲያ ወተት የለ፣ ቆሎ የለ። ሱቁ ጭር አለብኝ። ዓርብ ቀን፣ ሐጂ ለጁምዓ ሶላት ሄደው፣ ያስለመደችኝ ቆሎ ትዝ አለኝና በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ የቀረውን ዕቃ የቆጠርኩበትን ወረቀት አውጥቼ ማገላበጥ ጀመርኩ። ስኳሩ ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። የጻፍኩት ዋጋ የገዛንበት ሳይሆን የምንሸጥበት ነው! አቡጀዲውም፣ ጨውም፣ ሁሉም። በመጀመሪያው ቆጠራ ሐጂ መደርደሪያውን እያዩ እንደ ነጋዴ ወግ "ይኼ ይኼን ያወጣል" ሲሉ እኔ እጽፍ ነበር። በሁለተኛው ዓመት እሳቸው ደሴ ስለነበሩ ብቻዬን ቆጥሬ ከግዢው ደረሰኝ ላይ የመግዣውን ዋጋ ወሰድኩ።

በመግዣው ስምንት ሺህ የሚሆነውን የመጀመሪያ ዓመት ቀሪ ዕቃ አሥር ሺህ ብዬዋለሁ። ሳይሸጥ ትርፍ ቆጠርኩበት። ያው ሁለት ሺህ የሁለተኛው ዓመት መነሻ ሆኖ ሲገባ የዚያን ዓመት ትርፍ በላ። አንዱን ዓመት አሳበጥኩ፣ ሌላውን አከሳሁ። ሳስተካክለው ሁለቱም ዓመት ከመቶ ሃያ ሆነ። አንድ ሊሬ አልተሰረቀም።

የዕዳ መክፈያው ግን በርግጥ ወርዷል፤ ከሁለት ሳይሆን ከአንድ ሊሬ ከሁለት ሦስተኛ ተነስቶ። ሐጂ ለጅምላ ነጋዴው መክፈል የነበረባቸውን ሁለት ሺህ ሊሬ የሱቁ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አውለውታል። ዕዳው አደገ፣ ጣሪያ ደግሞ ተሸጦ ዕዳ አይከፍልም።

ለሐጂ ሁሉንም ነገርኳቸው። "አስተግፊሩላህ!" ብለው ራሳቸውን ያዙ። ረቡዕ ዕለት አብረን ማጀቴ ሄድን። ሐጂ በዘመዶቿ ፊት "በድዬሻለሁ፣ ዐውፍ በይኝ" አሏት። ይቅር አለቻቸው። ወደ ሱቁ ተመለሺ ሲሏት ግን እምቢ አለች።

እኔም እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ።

"ስሕተት የማንም ነው" አለችኝ። "ሐጂ አራት ሺህ የት ገባ ሲሉህ፣ እሷ አትሰርቅም አልክላቸው?"

"አላልኩም እትዬ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ታውቀኝ አልነበር?"

የጾም ቀን ነበርና ለመንገድ የሽምብራ ቆሎ ቋጥራ ሰጠችኝ። ሸዋ ሮቢት እስክደርስ አልፈታሁትም።