እምቢ ሊባል የሚችል ጥያቄ

እኅቴ በሕይወት ሳለች ባሏ ሰውን አንዳች ነገር ለምኖ አያውቅም ነበር። ኩራት አይደለም፤ እሷ ስለምትቀድመው ነው።

እሱ ጫማ ሰሪ ነው። ተራ ጫማም ይጠግናል፤ ዋና ሙያው ግን አንድ እግራቸው ላጠረ ሰዎች የሚሆን ጫማ መስፋት ነው። ሰውየውን በባዶ እግሩ ያቆመውና ካጠረው እግር ሥር ስስ የጣውላ ቁራጮች አንድ በአንድ ያስገባል። ዳሌውን ግራና ቀኝ በሁለት እጁ ይዞ፣ ሁለቱ ወገን እኩል እስኪሆኑ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ከዚያ የጣውላውን ውፍረት ለክቶ በዚያው ልክ ቀላል ሶል ይደራርባል፤ ወደ ጣቶቹ ሲደርስ ያሳሳዋል። ካላሳሳው ሰውየው እግሩን ባነሣ ቁጥር ይደናቀፋል። በዚህ ሥራው ሰፈሩ «ጋሽ ሚዛን» ይለዋል፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ብዙ ሰው የለም።

ደንበኞቹን የምታመጣለት እኅቴ ነበረች። መንገድ ላይ የሚያነክስ ሰው ካየች አታልፍም። «ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ይሄ ወገብህን አያምህም?» ትላለች። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ የሚቀየማት ሰው አልነበረም። እጁን ይዛ ሱቅ ታደርሰዋለች።

እሷ ካረፈች በኋላ ሰባት ወር ሙሉ አንድም ሰው በጣውላዎቹ ላይ አልቆመም። የተላቀቀ ሶል ማጣበቅና ዚፕ መቀየር ብቻ ሆነ። የአንድ ነጠላ ጫማ ፋብሪካ ተቆጣጣሪ «ማጣበቂያ ክፍል ቦታ አለኝ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን ንገረኝ» አለው። እሺ ካለ ሱቁን ይለቃል፤ የሠላሳ ዓመት ሙያውም እዚያው ያበቃል። ያን ሰሞን ቁጭ ማለት አቃተው። ቤቴ ይመጣና ወንበር ስቤለት ሳይቀመጥ መስኮቱ ጋ ይቆማል፣ ወደ በሩ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል።

አንድ መላ ነበረው። ከእነሱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ነርስ አለች፤ የእኅቴ የልብ ወዳጅ። የምትሠራው አጥንት ክሊኒክ ነው። የክሊኒኩን ዋና ሐኪም ብታስተዋውቀው በሽተኞች ሊላኩለት ይችላሉ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሌት ከቀን ሳይል የሰፋውን ቡናማ ጫማ ይዞ ደረጃው ላይ ጠበቃት። ሦስት ጎረቤቶች ስለ ተቋረጠው ውሃ እያወሩ እዚያው ቆመዋል።

«ሲስተር፣ ይሄን ላንቺ ነው የሰፋሁት።»

«ኧረ ጋሼ! ምን ይሁን ብለው ደከሙ?»

«ምን ድካም አለው። ለዋናው ሐኪም ንገሪልኝ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ በሽተኞቹን ወደ እኔ ይላኩ።»

«ትነግርልሃለች እንጂ!» አለች አንዷ ጎረቤት። «እሷ ያልነገረች ማን ሊነግር ነው?»

ሲስተር ጫማውን አየች፣ ጎረቤቶቹን አየች። «እሺ ጋሼ» አለች። «እነግራቸዋለሁ።»

«እሺ ይበልጣል ከሺ» እያለ ወደ ሱቁ ወረደ። እኔም ሲነግረኝ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ሳምንት አለፈ፣ ሁለት አለፈ። ስልኩን ከመዶሻው አጠገብ አስቀምጦ ይሠራል፤ ሁለት ምስማር መትቶ ያየዋል። ሲስተር ጠዋት ጠዋት በሱቁ ፊት ታልፍና «እንዴት አደሩ ጋሼ» ትለው ነበር፤ አሁን በኋላ በር መውጣት ጀምራለች። አንዴ ከሩቅ አያት። እግሯ ላይ ያለው ተረከዙ የተበላው አሮጌ ጫማዋ ነው።

«እትዬ፣ ታማ ይሆን?» ይለኛል።

«ብትታመም ሥራ ትሄዳለች?»

«ሐኪሙ እምቢ ብሏት ይሆን? ልደውልላት? ወይስ ጫማው ጠበባት?»

«ተቀመጥ እስቲ፣ ምንጣፌን ጨረስከው።»

አልተቀመጠም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጢሙ ማደጉን ያየሁት ዘግይቼ ነው። እኅቴን በቀበርንበት ቀን እንኳ ተላጭቶ የመጣ ሰው ነው።

«ጢምህን ምን ነካው?»

«እኔ አላሳደግኩትም። እሱ ነው ያደገው።»

አወጣጣሁት። ለካ ፀጉር አስተካካዩን እየሸሸ ነው። ከአሥር ቀን በፊት ግማሽ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኖ፣ ምላጩ ጉሮሮው ላይ እንዳለ፣ ፀጉር አስተካካዩ «ጋሽ ሚዛን፣ ቆዳ ነጋዴው ወዳጅህ አይደል? መጋዘን ጠባቂ ይፈልጋል አሉ። የሚስቴን ወንድም አስተዋውቅልኝ» ይለዋል። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች «ምላጭ ይዘህ ነው እንዴ የምትጠይቀው?»፣ «እሺ ቢል ነው የሚሻለው!» እያሉ ይስቃሉ። እሺ አለ። የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ወንድም ግን ቀን ቀን የሚተኛ ሰው ነው፤ ከሁለት ቦታ በእንቅልፍ ተባሯል። ቆዳ ነጋዴው ደግሞ የሚዛንን ቃል ያምናል። ልንገር ቢል ቃሉ ይረክሳል፤ አልነግርም እንዳይል እሺ ብሏል። ስለዚህ በዳቦ ቤቱ ዞሮ መሄድ ጀመረ፤ ጢሙም አደገ።

ሳቅ አመለጠኝ። ከእኅቴ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

«ሲስተርም ጢም ቢኖራት ይሄኔ ደረቷ ደርሶ ነበር» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ደነገጠ። ያን ጊዜ ነው ወንበሩን ስቦ የተቀመጠው።

«እኔም ምላጭ ይዤባታለሁ ማለት ነው?»

«ያውም በስጦታ ጠቅልለህ። ያውም በሰው ፊት።»

በጽሑፍ ሊጠይቃት ወሰነ። ጠረጴዛዬ ላይ መጀመሪያ በወረቀት ሞከረው። «ያለ አንቺ ሰው የለኝም» ብሎ ጀመረ፤ አየውና «ይሄም ምላጭ ነው» ብሎ ሰረዘው። «ስለ እሷ ስትዪ» ብሎ ጻፈ። እሷ ማለት እኅቴ ናት። ብዕሩን ይዞ ቆየ።

«በእሷ ስም ከጠየቅኳት እምቢ አትለኝም» አለ።

«አትልህም።»

ከዚያ እሱንም ሰረዘው፤ ከሁሉም ረጅም ጊዜ የወሰደበት እሱ ነው።

በመጨረሻ ሁለት መልእክት ወጣው። አንዱ ለእሷ ብቻ ነው፦

«ሲስተር፣ በሰው ፊት ስለጠየቅኩሽ ይቅርታ። ያን ቀን ያልሽውን እሺ እንዳላልሽ ቁጠሪው። ጫማው ያንቺ ነው፤ ከዚህ ነገር ጋር አይገናኝም። ዋናውን ሐኪም አሥር ደቂቃ ላገኛቸው እፈልግ ነበር። የሚመችሽ ከሆነ ቀጥሎ ያለውን መልእክት እንዳለ አሳያቸው፤ እሳቸው ከፈቀዱ ታገናኚናለሽ። ካልተመቸሽ ‹ነገሩ ይቅር› በይኝ፤ ምክንያት አልጠይቅም። እስከ ሐሙስ ዝም ካልሽም እንደ ይቅር እቆጥረዋለሁ፤ ሁለተኛ አላነሣውም።»

ሁለተኛው ሲስተር ምንም ሳትጨምር ልታስተላልፈው የምትችለው ነበር፦

«ጫማ ሰሪ ነኝ። አንድ እግራቸው ላጠረ ሰዎች ሶሉ ከፍ ያለ ጫማ ሠላሳ ዓመት ሰፍቻለሁ። እርስዎ ዳሌውን ያከሙት የአውቶቡስ ጣቢያው ትኬት ቆራጭ የሚያደርገው ጫማ የእኔ ሥራ ነው፤ እሱን እንዳነሣ ፈቅዶልኛል። ሁለት ጫማ ይዤ መጥቼ አሥር ደቂቃ ባሳይዎትና ጉድለቱን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ካልተመቸዎት መልስ መስጠት አያስፈልግም።»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ላካቸው። ማክሰኞ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ረቡዕ መሳቢያውን ከፍቶ ሲዘጋ መያዣው እጁ ላይ ቀረ። ሐሙስ እኔ ራሴ አላስችል ብሎኝ ሱቁ ሄድኩ። የፋብሪካውን ቅጽ አውጥቶ ግማሹን ሞልቷል። ከወሩ የቀረው አምስት ቀን ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ሲስተር በፊት ለፊቱ መንገድ መጣች። እግሯን አየሁ፤ ቡናማው ጫማ ነው።

«ጋሼ፣ ነገሩ ይቅር ልልዎት ነው የመጣሁት።»

«እሺ፣ ይቅር» አለ። ድምፁ ትንሽ ሰለለ እንጂ ፊቱ አልጠቆረም። «ነይ ግቢ። ጠበበሽ እንዴ ጫማው?»

«ልክክ ነው ያለው። ሳላፍር ላደርገው ስላልቻልኩ ነው።» ተቀመጠች። «ለምን አይሉኝም?»

«አልጠይቅም ብዬሽ የለ?»

«እንግዲያው ሳይጠይቁኝ ልንገርዎት። ከሐኪሙ ጋር በተረኝነት ጉዳይ ተጋጭተናል። ሰሞኑን እኔ ያነሣሁትን ሁሉ ሳይሰሙ ይጥሉታል። በእኔ በኩል ቢገቡ እርስዎንም ይጥሉዎታል። ይሄን ደረጃ ላይ፣ ያቺ ሬዲዮ ጎረቤታችን ቆማ፣ እንዴት ልበልዎት?»

ሚዛን ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሦስት ሳምንት የተቋጠረው ነገር እንዲህ ተፈታ።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለች። «መልእክትዎን ሳነብ ፊዚዮቴራፒስቷ ትዝ አለችኝ። የእግር ልዩነት የምትለካው እሷ ናት፤ ጫማ የሚሰፋላቸው አጥታ ስትማረር እሰማለሁ። ከእሷ ጋር ደኅና ነኝ። ለእሷ ላሳያት? እርስዎ የጠየቁኝ ሐኪሙን ስለሆነ ሳልጠይቅዎ አልላክሁትም።»

«እሷስ ደስ ይላታል?»

«መጀመሪያ እጠይቃታለኋ! እርስዎ ያስተማሩኝ አይደል?»

«እርስዎ ዳሌውን ያከሙት» የሚለውን ሚዛን «ክሊኒካችሁ ዳሌውን የታከመው» ብሎ ቀየረው። ሲስተርም መጀመሪያ ደውላ ጠየቀቻትና እዚያው ላከችው። ሚዛን በግማሽ የሞላውን የፋብሪካ ቅጽ ግን አልቀደደውም፤ አጥፎ ጣውላዎቹ ሥር አደረገው።

ዓርብ ጠዋት መልሱ መጣ፦ «ማክሰኞ ሦስት ሰዓት። ትኬት ቆራጩም ሊመጣ ከቻለ ሲራመድ ባየው ደስ ይለኛል።»

አሁን የቀረው የጢሙ ጉዳይ ነው። ሰኞ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄዶ፣ ቤቱ ባዶ እስኪሆን ውጭ ጠበቀና ገባ።

«መጀመሪያ ምላጩን አስቀምጥ» አለው። «ለቆዳ ነጋዴው አልነገርኩም። አልነግርምም። የሚስትህ ወንድም ቀን ይተኛል።»

ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን አራገፈ። «ያኔውኑ እንዲህ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ያኔ ምላጩ የት ነበር?»

«እሱስ እውነትህን ነው» አለ ሰውየው። «እኔም ቤቴ ሲተኛብኝ መረረኝና ነው እኮ። ና፣ ቀና በል።»

ማክሰኞ አብሬው ሄጄ ውጭ ጠበቅሁ። አሥር ደቂቃው አርባ ሆነ። ፊዚዮቴራፒስቷ ትኬት ቆራጩን ኮሪደሩ ላይ ስታመላልሰው ነበር። ሶሉ ወደ ጣቶቹ መሳሳቱን ወደደችው፤ ለአዲስ ሰው ግን ከፍታውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ እንዲጨምር ነገረችው። አንድ በሽተኛ ልትልክለት፣ ሥራውን አይታ ሌላ ልትጨምር ተስማሙ። እዚያው በር ላይ ለፋብሪካው ደውሎ «አመሰግናለሁ፣ አልመጣም» አለ።

ወደ ቤት ስንሄድ ከፊታችን አንድ ሰው እያነከሰ ይሄዳል። ሚዛን እርምጃውን አፈጠነ፣ ቆመ፣ እንደገና አፈጠነ።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ» ሲል ሰማሁት። «ይሄ ወገብህን አያምህም? ጫማ ሰሪ ነኝ። ከቸኮልክ ግን እለፍ።»

«ቸኩያለሁ» አለ ሰውየው ሳይቆም።

«መልካም መንገድ!» ብሎ እጁን አነሣለት፤ ከዚያ እኔ እስክደርስ ቆሞ ጠበቀኝ።