«አሉ» የሚለው ቃል

አንዳርጌ ከአርማጭሆ በረሃብ ተሰዶ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ አጠገብ ካለ መጠለያ የገባው በሰባ ሰባት ነው። ማሲንቆውን በመንገድ አልጣለም። ሰው ገንፎ ሲጠብቅ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ይጫወትለታል።

ገንፎውን የምትቀዳው ባሕሪያ የምትባል ስደተኛ ነበረች። አንድ ቀን ጭማሪ ጠየቃት። «ከኋላህ ያለውን ሰልፍ እይ» አለችው። ተቆጣና ማምሻውን ዘፈነ፤

የባሕሪያ ጭልፋ ዘመድ ያውቃል አሉ፤
ለባዳ ውኃውን ለወገን እህሉ።

ግጥሙ ቤት ስለሚመታ ሰፈሩ ሁሉ ያዘው። ውሎ ሳያድር የመጠለያው ኃላፊ ጭልፋውን ነጠቃት፤ ጎረቤቶቿም ሰላምታ ነሷት።

የባሕሪያን ታሪክ የሚያውቁ አሮጊት፣ በለጡ፣ አንዳርጌን አስጠርተው፣ «የትኛው ወገኗ ነው የበላው ልጄ? ወገኖቿን መንገድ ላይ ቀብራ አይደል ብቻዋን የመጣችው?» አሉት።

አንዳርጌ አላወቀም ነበር። በማግስቱ ማሲንቆውን ይዞ ሰው መሐል ቆመና በትዝታ ቅኝት፣ ድምፁን እያንቀጠቀጠ አወረደው፤

ረሃብ አንከራትቶኝ አፌን ቢያስተው ጊዜ፣
እዘኑልኝ ለኔ በዝቶብኝ ትካዜ።

ሴቶቹ አለቀሱለት። አንዷ እንዲያውም ድርሻዋን ልትሰጠው ተነሣች። ባሕሪያ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ተከተላት።

«ይቅርታ ጠየቅሁሽ እኮ!»

«ለራስህ አስለቀስክ እንጂ። እኔ የት አለሁ በግጥምህ? ረሃቡ ነው የዋሸው? እኔም እኮ ርቦኛል። የፊተኛውንም ‹አሉ› ብለህ ነው የጀመርከው። እነማን ናቸው ያሉት?»

ያንን ያለው እሱ ብቻ ነበር።

ግጥሙን እንደገና ሠራው። «ረሃብ»ን አወጣ፤ እውነት ቢሆንም ጥፋቱን የሚሸከምለት ረሃቡ ሆነበት። «እዘኑልኝ»ንም አወጣ። ትዝታውንም ተወ፤ ሰው ቃሉን ሳይሰማ ያለቅሳል። ዜማው ያው የስድቡ ዜማ ይሁን አለ። ስድቡ የደረሰበት ሁሉ ማስተባበያውም እንዲደርስ።

ሰልፉ በሞላበት ሰዓት ድምፁን ሳያንቀጠቅጥ ዘፈነ፤

ባሕሪያ አዳላች ብዬ የዘፈንኩት፣
እኔ ነኝ አንዳርጌ ሳላይ የፈጠርኩት።
ጭማሪ ብትነሳኝ በቂም የዋሸሁት፣
እኩል የሚቀዳን ጭልፋ ነው ያማሁት።

ማንም አላለቀሰም። አንዱ «ታዲያ እኛስ ለምን አመንነው?» አለ። አንዳንዱ «ውሸታም!» እያለ ሰደበው። አንዳርጌ ግጥሙን ደግሞ ደጋግሞ ዘፈነው፤ ከዚያም ኃላፊው ዘንድ ሄዶ ያንኑ በንግግር ነገረው።

ባሕሪያ ወደ ጭልፋዋ ተመለሰች። ተራው ሲደርሰው እንደ ማንኛውም ሰው ቀዳችለት፤ ወዲያው ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረች። እሱም «ይቅር በይኝ» ብሎ አልጎተጎታትም።

ክረምት ገብቶ ለሰሊጥ አረም ወደ ባሱንዳ እርሻ የሚጓዙትን ሎሪው ሲጭን፣ አንዳርጌ ባሕሪያን ቀድማ ተቀምጣ አገኛት። ቆሞ ሊሄድ የሎሪውን ብረት ያዘ። እሷ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ፣

«መንገዱ ሩቅ ነው፤ ና ተቀመጥ» አለችው።