በጾም የተጣለ እንቁላል

በ2011 ዓ.ም. ሰባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ዓመት አልሞላትም። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና በእጇ ያሳደገቻቸው ዶሮዎች ብቻ ነን።

በእኛ አገር በስማዳ ዶሮና እንቁላል የሴት ነው። ወንድ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል፤ ከቆጥ ሥር ተንበርክኮ እንቁላል ሲለቅም ግን የሚያየው ይስቅበታል። እኔ ለቀምኩ። የሚስቅ ይሳቅ አልኩ። እሷ ስትወጣ ስትገባ የምታወራቸውን ዶሮዎች ለሌላ ሰጥቼ ባዶ ቤት ላድር ነው? አላደርገውም።

ዐቢይ ጾም ገባ። እኛ ብንጾም ዶሮ አይጾምም። እየጣሉ፣ እኔም እየለቀምኩ በትንሿ ጎታ ባለው ገብስ ውስጥ እቀብራለሁ። ባለቤቴ ከገብስ ውስጥ ስታወጣ አይቻለሁ፤ እንዴት አድርጋ እንደምታስገባ ግን ልብ ብዬ አላየሁም። የትኛው የፊት፣ የትኛው የኋላ እንደሆነ ሳልለይ እንዲሁ አጨቅሁት።

በደብረ ዘይት ሰንበት ልጄ መጣች። መካነ ኢየሱስ ባል አግብታ የምትኖር ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱን ይዝጉና እኔ ዘንድ ይምጡ እያለች አላስቀምጥ ብላኛለች። ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ጎታዬን ከፍታ እጇን ሰደደች።

«አባዬ፣ ይኼ ሁሉ መቼ የተጣለ ነው?»

«በጾሙ።»

«በጾሙ የትኛው ሳምንት?»

«እንቁላሉን ጠይቂው።»

«እሺ እጠይቀዋለሁ» አለችና በገበቴ ውኃ ሞልታ እንቁላሉን አንድ ሳይቀር ከውኃው ከተተችው። ገሚሱ ታች ተጋደመ። ገሚሱ ታች ሆኖ ደንዳናው ጫፉ ወደ ላይ ቀና አለ። ሁለቱ ግን ከላይ ተንሳፈፉ። የተንሳፈፉትን ደጅ ይዛ ወጥታ ሰበረቻቸው። አንዱ ምንም አልሸተተም፤ አንዱ ግን ውሻውን እንኳ አባረረው።

«አዩ?»

«አንድ ነው የገማው።»

«አንድ ይበቃል! የፋሲካ ወጥ ውስጥ ቢገባስ? ባሌ ፊት ቢላጥስ? እርስዎ ብቻዎን መኖር አይችሉም አባዬ። ወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ሥራ አያውቅበትም።»

ተናደድኩ። «ፋሲካን እዚህ ነው የምትፈስኪው። ባልሽንም ይዘሽ ነይ። ወጡ በእኔ ዶሮ፣ በእኔ እንቁላል ይሠራል» አልኳት።

«ከወጡ አንድ የገማ እንቁላል ቢወጣ ዶሮዎቹን ሸጠን፣ ቤቱን ዘግተን አብረን ወደ መካነ ኢየሱስ። ይስማማሉ?»

«እስማማለሁ።»

ስትሄድ እንቁላሉን በጨርቅ አድርቄ ወደ ገብሱ መለስኩት። ማታ ሳስበው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ባለቤቴ እንቁላል ስታጥብ አይቼ አላውቅም፤ ኩስ ቢነካው እንኳ በደረቅ ጭድ ጠረግ አድርጋ ነበር የምታስቀምጠው። ስለዚህ በገበያው ቀን ሁሉንም አውጥቼ በቅርጫት ጭድ ውስጥ አድርጌ ወገዳ ወረድኩ።

ወገዳ ላይ ከየገበሬው እንቁላል ገዝቶ በመኪና የሚልክ አንድ እስላም ነጋዴ አለ። የኔን አንዱን አነሣ፣ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገውና ሳቀ።

«አባቴ፣ እንቁላል ክርስትና አነሡ እንዴ? ታጥቧል'ኮ።»

«ልጄ በውኃ ፈትናው ነው። አንተስ ያ ባልዲ ለምንህ ነው? አትፈትንም?»

«እፈትናለሁ። ግን እዚሁ ከተማ ዛሬ ነገ የሚበላውን ነው የማጠልቀው። መንገድ የሚሄደውን፣ የሚቆየውን ውኃ አላሳየውም። ቅርፊቱ ላይ እንደ ዱቄት ያለች ልባስ አለች፤ ስትታጠብ ትሄዳለች። ያን ጊዜ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል።»

«ያልታጠበውስ ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«እንደ እናንተ ባለ ብርድ አገር፣ በጨለማና በደረቅ ቦታ ወር ይቆያል፤ አልፎም ይቆያል። ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርገው ያቁሙት። ቅርፊቱ ይተነፍሳል አባቴ። በቆየ ቁጥር ውስጡ እየጎደለ አየር ይገባል፤ አየሩ በደንዳናው በኩል ነው። ለዚህ ነው ውኃ ውስጥ ያ ጫፍ የሚነሣው።»

«እንግዲያ ቀና ያለው ሁሉ ገምቷል?»

«ማን አለ? ቀና ያለው ቆይቷል፣ ያ ብቻ ነው። የተንሳፈፈውን ግን አይመኑት። እሱንም ቢሆን ሰብሮ ማሽተት ነው እንጂ ውኃ ሽታ አይናገርም።»

ለቤቱና ለጎረቤቶቹ የሚሆን ብሎ የታጠበውን ሁሉ ወሰደልኝ። እነሱ እንደኛ አይጾሙም፤ በዚያው ሳምንት ይበሉታል። ባዶ ቅርጫቴን ይዤ ስመለስ በመንገድ የሚያገኙኝ ሴቶች «ባለ እንቁላሉ! ዶሮዎቹ ደህና ናቸው?» ይሉኛል። «ከእናንተ ይሻላሉ» እያልኩ አለፍኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን በሥርዓት ያዝኩት። ፊደል የቆጠርኩት በልጅነቴ የቄስ ትምህርት ቤት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ከፊደል ብዙም አልራቅሁም። ለእንቁላል ግን በቃኝ። የጾሙ ሳምንታት ስም አላቸው፤ በየእንቁላሉ ላይ የሳምንቱን የመጀመሪያ ፊደል በከሰል እጽፍበት ጀመር። ለደብረ ዘይት ደ፣ ለገብር ኄር ገ፣ ለኒቆዲሞስ ኒ፣ ለሆሳዕና ሆ። ሹሉን ወደ ታች፣ የፊተኛውን ከጎታው በስተግራ፣ የኋለኛውን በስተቀኝ። ከእንጨት ክምር ሥር ደግሞ መቼ እንደተጣለ የማላውቀው አንድ አገኘሁ፤ በሱ ላይ ፊደል አልጻፍኩም።

ቅዳም ሹር ልጄ ከባሏ ጋር መጣች። ከዓርብ ጀምሮ እህል ውኃ ሳልቀምስ አክፍዬ ነበርና አፌ ደርቋል። አውራ ዶሮውን አረድኩላት። እሷ ሽንኩርቱን እያቁላላች «እንቁላሉን ያምጡ» አለች። አመጣሁ። በየፊደሉ ላሳያት ብዬ ሳስብ ቅርጫቱን ተቀብላ ገበቴው ውስጥ ባንዴ ደባለቀችው።

«ቆይ እንጂ! ፊደሉ!»

«የምን ፊደል?»

ከሰሉ ውኃው ላይ ጥቁር ሆኖ ወጣ። የደከምኩበት ሁሉ ታጠበ። ባሏ በዱካው ተቀምጦ ያያል፤ ዝም ያለ ሰው ነው፣ ግን ፈገግ አለ።

ደግነቱ ውኃው ራሱ ለያቸው። የሆሳዕናዎቹ ልጥፍ ብለው ተጋደሙ። መካከለኞቹ ትንሽ ዘመም አሉ። የደብረ ዘይቶቹ ደንዳናቸውን ወደ ላይ አድርገው ቆሙ። አንዱ ተንሳፈፈ።

«ይኸው!» አለች።

«እሱ የእንጨት ክምሩ ነው። በሱ አልከራከርሽም» አልኩና ወስጄ ደጅ ጣልኩት። «ሌላው ግን ደህና ነው። ለወጡ የቆሙትን ቀቅይ።»

«የቆሙትን? የተጋደመ እያለ?»

«የተጋደመው ገና ትኩስ ነው፤ ሲላጥ ቅርፊቱ ሥጋውን ይዞ ይነሣል።»

«አባዬ፣ እኔን እንቁላል መላጥ ሊያስተምሩኝ ነው?»

«እናትሽ ለወጥ የሰነበተውን እንደምትመርጥ አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም ነበር። ከሁለቱም ቀቅይና እይ።»

እልኳን ከእኔ ነው የወሰደችው። ከሁለቱም ቀቀለች። በቀዝቃዛ ውኃ ነክራ መጀመሪያ የተጋደሙትን አነሣች። ቅርፊቱ ከነጩ ጋር ተጣብቆ ቁርስርስ እያለ ወጣ፤ እንቁላሉ ፈንጣጣ የያዘው ፊት መሰለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ አንዱን የደብረ ዘይት አነሣች። በሁለት ቁራጭ ተገልጦ ልሙጥ ብሎ ወጣ። አገላብጣ አየችው። አሸተተችው። ለባሏ ሰጠችው፤ እሱም አሸተተው።

«ምን ይላል?» አልኩ።

«ምንም አይሸትም» አለ።

«ምንም አለመሽተቱ ነው ደግ።»

«ግን መቅመስ አይቻልም» አለች ልጄ። «እስኪፈሰክ ማንም አያውቅም።»

«እስኪፈሰክ እንጠብቃለን።»

የቀሩትንም የቆሙ ቀቅላ አንድ በአንድ እያሸተተች ልጣ፣ በቢላዋ ጭረት ጭረት አድርጋ አስቀመጠች። የተቆራረሱትን ለብቻ በሳህን አደረገች። የውላችን ነገር ከአፏ አልወጣም፤ ግን የቤቱ ቁልፍ የተሰቀለበትን ምሰሶ ሁለት ጊዜ ስታየው አይቻታለሁ። እኔም አየሁት። በዚያ ምሰሶ ሥር ነው ልጆቼ ሁሉ የተወለዱት። በአንድ እንቁላል ምክንያት ልለቅ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ፊቴ ላይ ግን አላሳየሁም።

ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ማዕዱ ቀረበ። ባርከን ቆረስንና ልጄ የመጀመሪያውን እንቁላል ለእንግዳው፣ ለባሏ፣ አወጣች። እኔና እሷ እጃችንን ከመሶቡ ላይ አንሥተን አፉን አየን። በእንጀራ ጠቅልሎ ጎረሰ። አላመጠ። ዋጠ።

«ተናገር እንጂ አንተ ሰው!» አለችው።

«ሌላ አለ?» አለ።

ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅሁ፤ ከሐዘኑ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ድስቱ ባዶ እስኪሆን በላን፤ አንድም የገማ አልወጣም። ሲነጋ ልጄ እጄን ስማ «እሺ አባዬ፣ ይቆዩ። ዶሮዎቹም እርስዎም» አለች። «ግን እየመጣሁ አያለሁ።»

«ነይ፤ ዛሬ ነገ ለማይበላ እንቁላል ግን ገበቴሽን አታውጪ» አልኳት።

ቀትር ላይ ሸኘኋቸው። ከዶሮዎቹ አንዷ ከሆሳዕና ጀምሮ መታቀፍ አምሯት ባዶ ጎጆ ላይ ላባዋን ነፍታ ተቀምጣ ነበር። በሰሙነ ሕማማት መጨረሻ የተጣሉትን፣ ትኩሶቹን፣ ለሷ ብዬ ከቅርጫቱ ለይቼ ጭድ ውስጥ ደብቄ ነበር፤ ውኃ የሚባል አላሳየኋቸውም፤ ልጄም አላየቻቸውም። በማግስቱ ሰኞ ማለዳ፣ ሌሎቹ ዶሮዎች ከቆጥ ሳይወርዱ፣ በአሮጌው እንቅብ ጭድ ጎዝጉዤ በጨለማው ጥግ አስቀመጥኩና እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ከሆዷ ሥር አስገባሁላት። እጄን ነከሰችኝ። እንድትነክስ ተውኳትና የመጨረሻውን አስታቀፍኳት።