ፓስተር ሳህሌ በእንግሊዝኛ የሰበኩ ዕለት

ፓስተር ሳህሌ እንግሊዝኛ አይችሉም የሚል ሰው ካለ አያውቃቸውም ማለት ነው። በሳምንቱ የሥራ ቀናት ኦክላንድ ኤርፖርት አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳሉ። ከፈረንጁ ጋር ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ የቤት ኪራዩን አብረው ያማርራሉ፣ ፓስፖርቱን መኪናው ውስጥ ረስቶ በመጣ ሰው ይቀልዳሉ። እንግሊዝኛቸው ድራሹ የሚጠፋው እሑድ ከሰዓት መድረክ ላይ ሲወጡ ነው። የሚፈሩት ፈረንጅን ሳይሆን የሐበሻን ጆሮ ነው። አንድ ቃል ቢስቱ ከኋላ ወንበር ሣቅ የሚመጣ ይመስላቸዋል። እውነቱን ለመናገር ይመጣል፤ በዚህ ነገር ምሕረት የለንም።

ስለዚህ እኔን ከጎናቸው አቆሙኝ። ቲቲ እባላለሁ። ልጅ ሆኜ መጥቼ እዚሁ ኦክላንድ ነው ያደግሁት። በሥራ ቀን ጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ አነሳለሁ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ የፓስተሩን ስብከት ለወጣቶቹ በእንግሊዝኛ እተረጉማለሁ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ይላሉ፣ እኔ እደግመዋለሁ። ችግሩ ፓስተር ሳህሌ አንድ ዓረፍተ ነገር ብለው አያውቁም። መንፈሱ ሲነካቸው አራቱን አከታትለው ይለቁታል፣ ምእመኑ “አሜን!” ይላል፣ እኔ ገና የመጀመሪያውን እያሰብኩ ነኝ። ግሡ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ሰውየው ዳነ ይሁን ሞተ ሳላውቅ አፌን መክፈት አልችልም። ስብከቱ እጥፍ ይረዝማል፣ ሕንፃውን የሚያከራየን የአሜሪካኖቹ ቤተ ክርስቲያን ጥበቃ በር ላይ ቁልፉን ማንቀጫቀጭ ይጀምራል። አንድ ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ ሞክረን ነበር። ወላጆች ልጆቻቸው ማዳመጫውን አድርገው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይተው እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ኋላ ስናጣራ ግማሾቹ በራሳቸው ማዳመጫ ዘፈን ነበር የሚሰሙት።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ነገሩ ጠና። የወጣቶቹ መሪ ምሥጢር ናት፤ የፓስተር ሳህሌ አንድያ ልጅ፣ ሳን ሆዜ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ነገር የማትሸፋፍን ልጅ። እራት ላይ ለአባቷ ቁርጡን ነገረቻቸው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እሷና ጓደኞቿ ኮንኮርድ ወዳለ ትልቅ የእንግሊዝኛ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ነው። “አማርኛ ጠልተን አይደለም” አለቻቸው። “አባዬ፣ አንተ የምትናገረው ለእማዬና ለጓደኞቿ ነው። ለእኛ የሚደርሰን የቲቲ ትርፍራፊ ነው።”

ትርፍራፊ መባሌን ፓስተሩ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ተናደድኩ። ከዚያ አሰብኩበትና የበለጠ ተናደድኩ፣ ምክንያቱም ልክ ናት።

እሳቸው ግን አልተናደዱም፤ ፈሩ። “ቲቲዬ፣ ሌላው ቢሄድ እጸልያለሁ” አሉኝ። “እሷ ከሄደች ግን በየትኛው አፌ ቆሜ እሰብካለሁ?” የሚቀጥለውን እሑድ የጠፋውን ልጅ ታሪክ ሊሰብኩ ወሰኑ። ለእሷ ብለው እንደሆነ ገብቶኛል፤ አልነገርኳቸውም።

ሁልጊዜ ከመስበካቸው በፊት ስልክ ደውለው ዋና ዋና ነጥቡን ያነቡልኛል፣ እኔም ቃል እመርጣለሁ። በዚያ ሳምንት ግን እምቢ አልኩ። “ፓስተር፣ ቃል መምረጥ አልጠቀመንም። ምሥጢር ትቀመጥ፣ ለእሷ ይንገሯት፣ የሰማችውን መልሳ ትንገረን። ያልደረሳትን ያኔ እናየዋለን።”

ቅዳሜ ጧት ሌክ ሜሪት አጠገብ ባለው አፓርታማዬ ተሰበሰብን። ምሥጢር ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች፤ በአባቷ ልመና እንጂ በፈቃዷ አልመጣችም። ፓስተሩ ቆሙ። ንብረቱን በትኖ የተመለሰውን ልጅ አመጡ፣ አባትየው ከሩቅ እንዳየው ነገሩን፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “አባትየው ሮጠ!” አሉ። አይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

“ምን ሰማሽ?” አልኳት።

ምሥጢር በእንግሊዝኛ መለሰች። “ሮጠ። ኦኬ። እና?”

“እንዴት እና?” አሉ አባቷ። “የተከበረ ሽማግሌ! ባለርስት! ሎሌ የሚልክ ሰው! አገር እያየው ልብሱን ሰብስቦ ሮጠ እኮ ነው የምልሽ!”

“አባዬ፣ የሁሉም ሰው አባት ይሮጣል።” መስኮቱን አሳየችን። እውነትም ከታች በሐይቁ ዳር ሽበታም ሰዎች ቁምጣ ለብሰው ላባቸውን እያንጠባጠቡ ይሮጣሉ። አንዱማ ልጁን በጋሪ እየገፋ ነበር።

ሣቄ አመለጠኝ። ፓስተሩ ግን አልሳቁም፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ ሰብከው ወላጆቹን አስለቅሰዋል፣ እኔም “ሮጠ” የምትለዋን ቃል ሳላዛንፍ ተርጉሜያለሁ። ቃሏ ለልጆቹ ደርሳለች። ድንጋጤው ግን አንድም ቀን አልደረሳቸውም።

ምትክ መፈለግ ጀመርን። እኔ አባትየውን የትልቅ ካምፓኒ አለቃ እናድርገው አልኩ። ምሥጢር ፊቷን አጨማደደች። ፓስተሩ ዳኛ ቢሆንስ አሉ። “ዳኛም ይሮጣል” አለች። በመጨረሻ አባቷ ቀና ብለው አዩዋትና “እሺ፣ እኔ ምን ባደርግ ነው የምትደነግጪው?” አሉ። “አባቴ ይህንንማ አያደርገውም፣ ክብሩ አይፈቅድለትም የምትይው ነገር ምንድነው?”

ምሥጢር እግሯን ከሶፋው አወረደች። ስትመልስ ድምፅዋ ተለውጧል። “በእኛ ሰዎች ፊት እንግሊዝኛ ብትናገር” አለች። “ትምህርት ቤት ስትመጣ ሌላ ሐበሻ ወላጅ ካለ ዝም ትል ነበር። አስተማሪዬ ስለ እኔ ጥሩ ነገር ስትነግርህ አንገትህን ብቻ ነቀነቅክ። መኪና ውስጥ ከመንገደኛ ጋር ስታወራ ግን ሰምቼሃለሁ። ለእነሱ ትናገራለህ፣ ለእኔ ግን አፈርክ።”

ፓስተር ሳህሌ ሊያስረዱ ጀመሩና ተዉት። የያዙትን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና “እግዜር ይስጥልኝ” አሏት፣ ልክ እንደ እንግዳ ሰው። አሳዘኑኝ። እሷም አሳዘነችኝ።

እሑድ አዳራሹ ሞልቷል። የፊተኛው ወንበር ላይ ጋሽ ተድላ አሉ፤ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ከመሠረቱት የቀሩ ሽማግሌ ናቸው። መድረኩ ላይ እንግሊዝኛ መብዛቱን አይወዱም። ክፉ ሆነው አይደለም። “ቤት ውስጥ ያልተማሩትን ቋንቋ እዚህም ካልሰሙት የት ሊሰሙት ነው?” ይላሉ። ወጣቶቹ እንደተለመደው የኋለኛው ረድፍ ላይ ናቸው፣ ምሥጢር ጥግ ይዛለች።

ፓስተሩ በአማርኛ ጀመሩ፣ እኔም ተረጎምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በየዓረፍተ ነገሩ ቆም እያሉ ጠበቁኝ። ምሳሌዎቹንም ቀንሰዋል፤ ስለ በሬና ቀንበር አንድም አልነበረም። አባትየው ጋ ሲደርሱ ለወላጆቹ በሚገባቸው መንገድ ነገሯቸው። ባለርስቱ፣ ሎሌው፣ የሚያየው አገር፣ “ሮጠ!”። አዳራሹ “አሜን!” አለ። እኔ ማይኬን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

“ቲቲ፣ ይህቺን ለእኔ ተዪልኝ” አሉ።

ከዚያ ወደ ኋለኛው ረድፍ ዞረው በእንግሊዝኛ ጀመሩ። እንግሊዝኛው ያው የሻትሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ያውም በፍርሃት የተሰባበረ። እንዲህ ነበር ያሉት፦ “አባት ሮጠ። እኔ ግን አልሮጥኩም። የቤቴ በር ላይ ቆምኩ። ልጆቼ በአማርኛ ይምጡ ብዬ ጠበቅኩ። ካልመጡ እነሱ ናቸው የጠፉት አልኩ። እንግሊዝኛዬ መጥፎ ነው፣ አፍሬ ነበር። ዛሬም አፍራለሁ። ግን ዛሬ እኔ ልምጣ።”

ከአዳራሹ መሃል አንድ ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሰምተዋል፣ ጆሯቸው ቀላ። አላቆሙም።

እኔ ድርቅ ብያለሁ። ለካ አሁን ያልገባቸው ከወላጆቹ ብዙዎቹ ናቸው። እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፣ ጋሽ ተድላ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው “ምን አለ? ምን አለ ሳህሌ?” ይላሉ። ወደ አማርኛ መመለስ የእኔ ፋንታ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ሰዉ ሁሉ ቆሜ እሰማለሁ።

ከኋላ ምሥጢር ተነሳች። በመሃል መተላለፊያው መጥታ ጋሽ ተድላ ፊት ቆመች። “አባቴ…” አለች በአማርኛ። “አባቴ እኛን… ይቅርታ ጠየቀ። በር ላይ ቆሞ ነበር። አማርኛ ካልቻላችሁ አትመጡም ብሎ… አይ፣ እንደዛ አላለም፣ ግን እኛ እንደዛ ነው የመሰለን። አሁን እሱ መጣ። ገባህ?”

ሰማንያ ዓመት የተጠጋቸውን ሰው “ገባህ” አለቻቸው። እናቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጋሽ ተድላ እጃቸውን ከጆሯቸው አወረዱ።

“ገባኝ፣ ልጄ” አሉ። “ቀጥሎስ? ምን ይላል?”

ማይኬን ይዤ ወርጄ ሰጠኋትና ከምእመኑ ጋር ተቀመጥኩ። አባቷ በእንግሊዝኛ ቀጠሉ፣ እሷ ወደ አማርኛ መለሰች። እሳቸው ሲደናቀፉ እሷ ትጠብቃለች፣ እሷ ቃል ሲጠፋት የፊተኛው ወንበር ላይ ያሉት እናቶች ያቀብሏታል፣ ያቀበሏት ቃል ሳይስማማቸው ሲቀር ደግሞ ይከራከራሉ። እንዲህ የተንዛዛ ስብከት ሰምቼ አላውቅም። ቁልፍ ያዡ ሰውዬ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ አንድ ሁለት ጊዜ አንቀጫቀጨ፣ ከዚያ እሱም ወንበር ይዞ ተቀመጠ።

ከአገልግሎቱ በኋላ ሰዉ ሁሉ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሞ ያወራል። ፓስተሩ ላብ በላብ ሆነው ወደ ምሥጢር ሄዱ። አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ። ቀስ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ በአማርኛ፣ “እንግዲህ… ትሄዳላችሁ?” አሏት።

“እኔ ቀርቻለሁ” አለች። “ስለ ሌሎቹ እኔ መናገር አልችልም። ራስህ ጠይቃቸው።”

ፓስተር ሳህሌ ዞረው አዩ። ወጣቶቹ አንድ መኪና ተደግፈው ቆመዋል፣ ዙሪያቸውን ደግሞ ወላጆቻቸው፣ አክስቶቻቸው፣ ያ መሃል ላይ የሳቀውም ሰው ሳይቀር አሉ። አሁን ማይክ የለም፣ መድረክም የለም፣ የተዘጋጁበት ነገርም የለም። ሄዱ። እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እየሰማ ጠየቁ። ሁለቱ እሺ አሏቸው። አብዛኞቹ እናስብበታለን አሉ። አንዱ መሬት መሬት እያየ እኔስ እሄዳለሁ አላቸው። ትከሻውን ይዘው፣ ኮንኮርድ ስለሚሰብከው ሰው ጠየቁት፤ ስሙን፣ እንዴት እንደሚሰብክ፣ እሱን ሲያዳምጥ ምን እንደሚሰማው። ልጁ መጀመሪያ በአጭሩ መለሰ። ኋላ ግን አላቋርጥ ብሎ ያወራላቸው ጀመር፣ እሳቸውም ያልገባቸውን ቃል ሲሰሙ ሳያፍሩ “ምን ማለት ነው?” እያሉ አስደገሙት።